የአይሱዙው ታርጋ ከጠፋ በኋላ፦ ከየት ይጀመራል?

ጥያቄ፦ «የምኖረው ኮምቦልቻ ነው። ኮድ 3 አማ የሆነ አይሱዙ አለኝ፤ የሚነዳው ሹፌር ነው። ከወልድያ ሲመለስ የኋላው ታርጋ መንገድ ላይ ጠፋ። የፊቱ አለ፣ ግን ተጣሟል፤ ቁጥሩም ለቋል። ሹፌሩ ‹ማስታወቂያ ቤት አሠርተን እንሰር› ይለኛል። መርሳ አካባቢ ያስቆመው ትራፊክ ፖሊስ ‹አብሽር፣ ግን ሳትውል ሳታድር አመልክት› ብሎ ለቆታል። ባለፈው ወር ደግሞ የጎረቤቴ ባጃጅ ደሴ ላይ ተሰርቆ እስካሁን አልተገኘም። ከየት ልጀምር? መኪናው ራሱ ቢሰረቅስ ምን ይዤ ልሂድ?»

ምላሽ፦

የሚጀምሩት ከፖሊስ ነው፤ ያውም ዛሬ። ሁለተኛው በር የመንገድ ትራንስፖርት ጽሕፈት ቤት ነው፤ ማስታወቂያ ቤት ግን በዚህ ጉዳይ ምንም ድርሻ የለውም። ይህን ቅደም ተከተል የምጠብቀው ለወግ ያህል አይደለም። በተሽከርካሪ መለያ፣ መመርመሪያና መመዝገቢያ አዋጅ ቁጥር 681/2002 መሠረት የሚሰጠው ሰሌዳ ብቻውን የቆመ ነገር ሳይሆን፣ በመዝገቡ ላይ ከአንድ የሻንሲ ቁጥር፣ ከአንድ የሞተር ቁጥርና ከአንድ ባለንብረት ስም ጋር የተሳሰረ ነው። የጠፋው ታርጋ ነገ በሌላ አይሱዙ ላይ ታስሮ ቢታይ፣ ያ አይሱዙ ሰው ገጭቶ ቢያመልጥ ወይም ኮንትሮባንድ ጭኖ ቢያዝ፣ መዝገቡ የሚጠራው የእርስዎን ስም ነው። ከዚህ የሚጠብቅዎት፣ ሰሌዳው ከእጅዎ የወጣበትን ቀን የሚመሰክር ወረቀት ብቻ ነው፤ ወረቀቱም ዋጋ የሚኖረው ከችግሩ በፊት ሲጻፍ እንጂ ከጥሪ መጥሪያ በኋላ ሲጻፍ አይደለም።

ወደ ፖሊስ ጣቢያ ሲሄዱ ሹፌሩን ይዘውት ይሂዱ፤ ያየውና የሚያውቀው እሱ ነውና። ከመሄድዎ በፊት ግን ታርጋው ታስሮበት የነበረውን ቦታ አብራችሁ በደንብ ተመልከቱት። ታርጋ በንዝረት ሲወድቅ ብዙ ጊዜ ቆርቆሮው በብሎኑ ቀዳዳ ዙሪያ ይሰነጠቅና ይቀደዳል፤ ብሎኑና ዳዶው በቦታቸው ይቀራሉ፣ አንዳንዴም የቆርቆሮ ቁራጭ ከብሎኑ ሥር ተጣብቆ ይገኛል። ዳዶው ላልቶ ወድቆ ከሆነ ደግሞ በማሰሪያው ዙሪያ ብረት ከብረት ሲፋተግ የቆየበት የሚያብረቀርቅ ክብ ይታያል። ብሎኖቹ ሁሉ ከነዳዷቸው የሉም፣ ማሰሪያው ንጹሕ ነው፣ የቁልፍ ወይም የፒንሳ ጭረት ይታያል ማለት ግን ሰው ፈትቶታል ማለት ነው። ልዩነቱ ለፖሊስ ትልቅ ነው፤ አንዱ የጠፋ ንብረት ማስታወቂያ ሲሆን ሌላው የስርቆት ወንጀል አቤቱታ ነው። ያዩትን ፎቶ አንሥተው ለመርማሪው ያሳዩ፤ እርግጠኛ ካልሆኑ «ወድቋል» ወይም «ተሰርቋል» ብለው አይደምድሙ፤ «ለመጨረሻ ጊዜ ያየሁት ወልድያ ስንጭን ነው፣ አለመኖሩን ያወቅሁት መርሳ ላይ ስቆም ነው» የሚለው የሹፌሩ ቃል በቂ ነው፣ ከግምትም ይሻላል። የቃሉ ቅጂ ወይም ቢያንስ የተመዘገበበት ቁጥርና ቀን ሳይሰጥዎ ከጣቢያው አይውጡ።

የሹፌሩ ሐሳብ ክፋት ያለበት አይመስለኝም፤ በየከተማው እንዲህ የሚያደርግ ስለማይጠፋ እንደ ጥገና ቆጥሮታል። ነገር ግን ሥልጣን ያለው አካል ሳይሰጥ የተሠራ ሰሌዳ፣ ቁጥሩ ትክክል ቢሆንም እንኳ፣ ሐሰተኛ ሰሌዳ ነው፤ ጥያቄውም ከትራፊክ ደንብ ወጥቶ ወደ ወንጀል ሕግ ይሻገራል። ማስታወቂያ ቤት የሚያትመው ስቲከር ነው፤ ትክክለኛው ሰሌዳ ግን ቁጥሩ ከቆርቆሮው ላይ ተመትቶ የተነሣ ነውና ትራፊክ ፖሊስ ጣቱን አሳልፎበት ያውቀዋል። ከዚህ የባሰው ደግሞ ሌላው ጉዳት ነው። እውነተኛው ሰሌዳ በሌላ መኪና ላይ ቢገኝና የእርስዎም መኪና የኋላ ሰሌዳ ታስሮበት ቢታይ፣ «ጠፍቶብኛል» የሚለው አቤቱታዎ በራስዎ እጅ ይፈርሳል።

በመንገድ ትራንስፖርት ጽሕፈት ቤት በኩል፣ የሚሄዱት የመኪናው ፋይል ወዳለበት ነው። መኪናውን የገዙት ደሴ ተመዝግቦ ሳለ ከሆነና ፋይሉን ወደ ኮምቦልቻ ካላዛወሩት፣ ሥራው የሚጀምረው ደሴ ነው፤ ብዙ ሰው ሳይጠይቅ በቅርቡ ወዳለው ቢሮ ሄዶ ቀኑን ያቃጥላል። ሊብሬውን፣ መታወቂያዎን፣ የፖሊሱን ማስረጃ፣ ጊዜው ያላለፈ ቦሎና የሦስተኛ ወገን መድን ሰነድ፣ የተጣመመውንም የፊት ሰሌዳ ይዘው ይሂዱ። በእርስዎ ፋንታ ሌላ ሰው የሚሄድ ከሆነ በሕግ ፊት የተረጋገጠ ውክልና ያስፈልገዋል፤ ሹፌር መሆን ብቻውን ወኪል አያደርግም። ስለ ምትክ ሰሌዳ የሚቀርብ ማመልከቻ መኪናውን በአካል ማቅረብንም ይጠይቃል ብለው ይዘጋጁ፤ ባለሙያው የሻንሲና የሞተር ቁጥሩን ከፋይሉ ጋር ያመሳክራልና። ሞተር ቀይረው ያላስመዘገቡ ከሆነ የሚያዙት እዚህ ላይ ስለሆነ፣ እንዲህ ያለ ነገር ካለ የሞተሩን የግዥ ሰነድ አስቀድመው ይፈልጉ።

የተጣመመውን የፊት ሰሌዳ በመዶሻ አያቃኑት፣ የለቀቀውንም ቁጥር በቀለም አይሙሉት። ይህን ምክር ብዙ ባለንብረቶች እንደ ግትርነት ይቆጥሩታል፤ ነገር ግን በእጅ የተቀባ 3 ቁጥር ከርቀት 8 መስሎ የታየበት፣ የሰው ቅጣት በሌላ ሰው ፋይል ላይ የተመዘገበበት ጊዜ አለ። የተበላሸ ሰሌዳ እንዳለ ለጽሕፈት ቤቱ ተመላሽ ይደረጋል፤ መመለሱም በፋይሉ ላይ መጻፉን ይመልከቱ። አንዱ ጠፍቶ ሌላው ተበላሽቶ ሳለ ሁለቱንም በአንድ ማመልከቻ መጠየቅ ድካሙን ይቀንሳል። የተሰጠዎት ምትክ የቀድሞውን ቁጥር የያዘ ከሆነ ሌላ ጣጣ የለውም። ቁጥሩ ከተለወጠ ግን ሊብሬው ላይ መስተካከሉን እዚያው ያረጋግጡ፤ ከዚያም ለመድን ድርጅትዎ፣ መኪናው በብድር የተገዛ ከሆነም ለባንኩ በጽሑፍ ያሳውቁ። በመድን ውሉ ላይ ያለው ቁጥር በመኪናው ላይ ካለው ጋር አለመመሳሰሉ የሚታወቀው ብዙ ጊዜ አደጋ ከደረሰ በኋላ ነው፤ ያን ጊዜ ማስረዳት ይቻላል፣ ግን ካሣው ይጓተታል።

እስከዚያ መኪናው ይሥራ ወይስ ይቁም? የፖሊስ ማስረጃ ሰሌዳው መጥፋቱን ያስረዳል እንጂ ያለ ሰሌዳ ለመንዳት ፈቃድ አይሆንም። መርሳ ላይ ያለው ትራፊክ ፖሊስ ሹፌርዎን በቅንነት ለቆታል፤ የሐይቁ ወይም የከሚሴው እንዲሁ ያደርጋል ብለው ጭነት አይቀበሉ። ምትኩ እስኪመጣ ድረስ መንቀሳቀስ የሚያስችል፣ ቀኑ የተወሰነ ደብዳቤ ወይም ጊዜያዊ ሰሌዳ ጽሕፈት ቤቱን ይጠይቁ፤ ካልተሰጠዎት መኪናውን ማቆም ነው። ከሚያጡት የኪራይ ገንዘብ ይልቅ፣ ጭነት እንደያዘ በኬላ ላይ የሚታገት አይሱዙ ይበልጥ ያከስራል።

አዲሱ ሰሌዳ ሲመጣ፣ የጠፋው ለምን እንደጠፋ ሳያውቁ በነበረበት ቦታ አይሰሩት። በአይሱዙ ላይ የኋላ ታርጋ የሚጎዳው ብዙውን ጊዜ በኋላው ስፖንዳ ነው፤ ስፖንዳው ለማውረድ ሲለቀቅ ወርዶ ታርጋውን ይመታዋል፣ ወይም ተከፍቶ ሲነዳ ይሸፍነዋል። ስፖንዳው ሙሉ በሙሉ ወርዶ ሲንጠለጠል የማይደርስበትን ቦታ ለክተው ከሥሩ ማሰሪያ ያስበይዱ። ብየዳው በማሰሪያው ላይ እንጂ በሰሌዳው ላይ መሆን የለበትም፤ ሰሌዳው በተሠሩለት ቀዳዳዎች በብሎን ይታሠር፣ በቁጥሩ ወይም በፊደሉ ላይ አዲስ ቀዳዳ አይበሳ። ከዳዶው ሥር የማይላላ ሮንዴላ ቢገባ ለወልድያ መንገድ ንዝረት ጥሩ ነው። ሰሌዳው ቀጥ ብሎ ወደ ኋላ ይመልከት፤ የሸራው ጫፍና የገመዱ ትርፍ በላዩ አይውደቅ፤ በማታ የሚያበራለት ነጭ መብራትም ይሥራ። ይህ መብራት ከሁሉ የተረሳው ነው፤ አምፖሉ ከተቃጠለ ስንት ጊዜ እንደሆነው የሚያውቅ ሹፌር አላጋጠመኝም። በፊት በኩል ደግሞ ከፓራውርቶው ፊት የተጨመረ የብረት መከላከያ ካለ ሰሌዳው ከኋላው ተደብቆ መቅረት የለበትም። ጥቁር ወይም ቀለም ያለው ፕላስቲክ ማልበስ፣ ዙሪያውን በጥቅስና በስቲከር ማስጌጥ፣ የኮዱን ክብ ወይም የክልሉን ፊደል መሸፈን አይፈቀድም። በክረምት ጭቃው በራሱ መሸፈኛ ስለሚሆን ሹፌሩ ጎማ ሲያይ ሰሌዳውንም እንዲጠርግ ያስለምዱት።

አሁን ወደ መጨረሻው ጥያቄዎ ልምጣ። የጎረቤትዎ ባጃጅ ነገር እውነትነት አለው፤ የሰረቀ ሰው አስቀድሞ የሚያስወግደው ሰሌዳውን ነው። ስለዚህ የሰሌዳ ቁጥር ብቻ የያዘ አቤቱታ ለመጀመሪያው ሰዓት ይጠቅማል፣ ከዚያ በኋላ ግን ፖሊስ የሚፈልገው በብረቱ ላይ የተመታውን ቁጥር ነው። ይህን ቁጥር ዛሬውኑ፣ መኪናው በእጅዎ ሳለ፣ ይያዙት። በአይሱዙ ላይ የሻንሲ ቁጥሩ በአብዛኛው በፊተኛው ቀኝ ጎማ አካባቢ በሻንሲው ጎን ላይ ተመትቶ ይገኛል፤ ጭቃውንና ቅባቱን በናፍጣ ጠርገው ስስ ወረቀት ያስደግፉና በእርሳስ ጎን ቢያሹት ቁጥሩ እንዳለ ይወጣል። በዘመናዊ ተሽከርካሪዎች ላይ ይህ መለያ 17 ፊደላትና አኃዞች ነው፤ በውስጡም አይ፣ ኦ እና ኪው የሚባሉት የላቲን ፊደላት ከ1 እና ከ0 ጋር እንዳይምታቱ ሲባል አይገቡበትም። ስለዚህ በአቤቱታዎ ላይ ኦ ተብሎ የተጻፈ ካዩ ስሕተት ነው፤ ዜሮ መሆን አለበት። 16 ሆኖ ከተገኘም አንድ ተዘሏል ማለት ነው። ቆየት ያሉና በቀጥታ ከጃፓን የገቡ አንዳንድ መኪናዎች አጭር ቁጥር ስላላቸው፣ ለእነሱ መለኪያው ሊብሬው ላይ ያለው ነው። ወረቀቱን፣ የሊብሬውን ቅጂና የመኪናውን ፎቶ ከመኪናው ውጭ ያስቀምጡ። ዋናውን ሊብሬ በኪሰ ዳሽቦርድ የሚያኖር ሰው ለሌባው መኪናውን ከነማስረጃው እየሰጠው ነው።

ፎቶ ሲያነሡ የፋብሪካውን መልክ ሳይሆን የራስዎን መኪና የሚለየውን ነገር ያንሡ። ለምሳሌ በጋቢናው በር ላይ ያለ የተገጣጠመ ቆርቆሮ፣ በካሶኒው ላይ የተበየደ መስቀለኛ ብረት፣ ቀለሙ የተለየ የነዳጅ ታንከር ክዳን ቢኖር፣ ነጭ አይሱዙ በሞላበት መንገድ ላይ ከሰሌዳው ይልቅ በኬላ ያለውን ፖሊስ የሚረዳው ይህ ነው። ሰሌዳ በ5 ደቂቃ ይፈታል፤ የተበየደ ብረት ግን አይፈታም።

መኪናው በሌሊት ከቆመበት ጠፍቶ ቢያገኙት፣ መጀመሪያ ጥበቃውንና ሹፌሩን ጠይቀው እንዳልተንቀሳቀሰ ያረጋግጡ፤ ይህ ከጥቂት ደቂቃ በላይ ሊወስድ አይገባም። ቀጥሎ ስርቆቱ ለተፈጸመበት ቦታ ቅርብ የሆነውን ጣቢያ በስልክ ያሳውቁ፣ ወዲያውም በአካል ይሂዱ። ከኮምቦልቻ የሚወጣ መኪና በደሴ አድርጎ ወደ ወልድያ፣ በከሚሴ በኩል ወደ ደብረ ብርሃን፣ ወይም በባቲ ወደ ሚሌ ሊያመራ ይችላል፤ ሦስቱም መንገዶች የተለያየ የፖሊስ መዋቅር ስለሚያቋርጡ «ለኬላዎቹ ተላልፏል ወይ?» ብለው መጠየቅ ተገቢ ነው። በመኪናው ላይ ጂፒኤስ ካለ ያለበትን ቦታ ለፖሊስ ይስጡ እንጂ ሰው አሰባስበው ራስዎ ተከትለው አይሂዱ።

በወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕጉ መሠረት አቤቱታዎ በጽሑፍ ይወሰዳል፣ ይነበብልዎታል፣ ቀን ጽፈው ይፈርሙበታል። ሲነበብልዎት በትዕግሥት ያዳምጡ፤ የሻንሲ ቁጥሩንም ከወረቀትዎ ጋር ፊደል በፊደል ያነጻጽሩ። አንድ ልብ ሊሉት የሚገባ ነገር አለ፦ መኪናው እንዴት እንደሄደ እውነቱን ይናገሩ። ቁልፉን በፈቃድዎ ለሹፌሩ ሰጥተውት እሱ ይዞት ከጠፋ፣ ሕጉ የሚያየው ብዙውን ጊዜ እንደ ስርቆት ሳይሆን እንደ እምነት ማጉደል ነው። «ተሰብሮ ተወሰደብኝ» ብሎ ማሳመር ምርመራውን ወደ ተሳሳተ መንገድ ይመራዋል፣ መድን ድርጅቱም ልዩነቱን ሲደርስበት ክፍያውን የሚከለክልበት ምክንያት ያገኛል፤ ሐሰተኛ አቤቱታ በራሱ ወንጀል መሆኑም አይረሳ።

ከዚያ በኋላ ያለውን ደረጃ ብዙ ሰው ይዘለዋል። ፖሊሱ መኪናው መሰረቁን ጠቅሶ ፋይሉ ላለበት የመንገድ ትራንስፖርት ጽሕፈት ቤት ደብዳቤ እንዲጽፍ ይጠይቁ፤ ደብዳቤው ሲደርስ በፋይሉ ላይ እገዳ ይቀመጣል። እገዳ ያለበት መኪና ስሙ አይዛወርም፣ ምትክ ሊብሬም በስሙ አይወጣም፤ የተሰረቀን ንብረት ሕጋዊ አስመስሎ ለመሸጥ የሚያስፈልገው ደግሞ ይኸው ነው። ደብዳቤው ተልኳል በሚል ቃል ብቻ አይመለሱ፤ በመዝገብ ቤት ገብቶ ቁጥር እንደተሰጠው ይመልከቱ።

ለመድን ድርጅትዎ ደግሞ በጽሑፍ ያሳውቁ፤ የንግድ ሕጉ የሰጠው ጊዜ ከ5 ቀን የማይበልጥ ስለሆነ የፖሊስ ምርመራ እስኪያልቅ አይጠብቁ። አዋጅ ቁጥር 799/2005 የሚያስገድደው የሦስተኛ ወገን መድን ለተሰረቀው መኪና ዋጋ አይከፍልም፤ የሚከፍለው ስርቆትን የሚሸፍን የተለየ ውል ከገቡ ብቻ ነው። ቢሆንም ማሳወቁ አስፈላጊ ነው፤ ሌባው በመኪናው ሰው ሊጎዳ ይችላልና። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ባለመኪናን መኪናው ለሚያደርሰው ጉዳት ያለ ጥፋትም ኃላፊ ያደርገዋል፤ ከዚህ የሚወጣው ጉዳቱ በደረሰ ጊዜ መኪናው ተሰርቆበት እንደነበረ ሲያስረዳ ነው። ማስረጃው እንግዲህ ያ ቀን ያለበት አቤቱታ ነው። በዚህ አጋጣሚ፣ በ2014 ዓ.ም. በጦርነቱ ጊዜ ከደሴ፣ ከኮምቦልቻና ከወልድያ መኪናቸው የተወሰደባቸውና «ሁሉም ያውቀዋል» ብለው እስከ ዛሬ በጽሑፍ ያላመለከቱ ባለንብረቶች መዝገቡ ላይ አሁንም ባለቤት ናቸው። ሁሉም ማወቁ በመዝገብ ላይ አይታይም፤ ዘግይቶም ቢሆን ቢያመለክቱ ይበጃቸዋል።

መኪናው ከተገኘ ቁልፉን ተቀብለው ወዲያው አይንዱት። የሻንሲና የሞተር ቁጥሩ እንዳልተፋቀ ወይም ተቆርጦ እንዳልተበየደ በፖሊስ ፊት ያመሳክሩ፤ ቁጥሩ ተነካክቶ ከሆነ በቴክኒክ ምርመራ እንዲረጋገጥ ያድርጉ። የተፈታው ሰሌዳ ካልተገኘ የምትክ ጥያቄው ከላይ በጻፍሁት መንገድ እንደ አዲስ ይቀርባል። በመጨረሻም መኪናው ለባለቤቱ መመለሱን የሚገልጽ ሌላ ደብዳቤ ለጽሕፈት ቤቱ ተጽፎ እገዳው ይነሣ፤ ስርቆቱ የተላለፈላቸው ኬላዎችም መገኘቱ ይነገራቸው። ይህ ሳይደረግ ሹፌርዎ ጭኖ ቢወጣ፣ ባቲ ላይ እንደ ሌባ የሚያዘው እሱ ነው።